አሩን በአንድ ቀን ከ0 ወደ 92 ዘለለ፣ ዋጋው ግን ምንም አልሆነም። ለምን?

ናቲ_ሲኤምሲ

ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው፣ እርዱኝ።

አሩን የሚባለውን ኢንዲኬተር በደንብ ልልመደው ብዬ የቆየ ቻርት ከፈትኩ። የአሜሪካውን ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ገበያውን የጣለበትን ጊዜ። ዴይሊ ቻርት ነው፣ አሩኑን 25 ላይ አድርጌዋለሁ። እየቆጠርኩ፣ በየቀኑ ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ሄድኩ።

ገበያው ማርች 23 ታች ነካ። ከዚያ መነሳት ጀመረ። ከፍታን የሚከታተለው መስመር፣ አሩን አፕ፣ ግን ለሳምንታት 0 አካባቢ ተኝቷል። ኤፕሪል 15 እንኳን 0 ነው። በማግስቱ ኤፕሪል 16፣ 92! ዝቅታን የሚከታተለው አሩን ዳውን 32 ላይ ስለነበር መስመሮቹ በዚያው ቀን ተቋረጡ፣ አፕ ከዳውን በላይ ወጣ። በመጽሐፍ እንደሚባለው አዲስ ወደ ላይ የሚሄድ ትሬንድ ተጀመረ ማለት ነው።

ግን ኤፕሪል 16ን አይቼዋለሁ። የቀኑ ከፍታ 2806.51 ነው። ከሁለት ቀን በፊት ኤፕሪል 14 ገበያው 2851.85 ነክቶ ነበር። ስለዚህ በ16 ምንም አዲስ ከፍታ የለም። ታዲያ መስመሩን ምን አዘለለው? ቻርቴ ተበላሽቶ ነው?

አቤል_ዱባይ

ናቲ፣ የብሮከርህ ዳታ ነው ችግሩ። እኔም ጋ እንዲህ ይሆናል። ወርቅ በ5 ደቂቃ ቻርት ነው የምሠራው፣ አሩን 14። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ እከፍታለሁ። በአንድ ምሽት አራት አምስት ጊዜ ይቋረጣል። ስገዛ ይወርዳል፣ ስሸጥ ይወጣል። ባለፈው ወር የደመወዜን ግማሽ በዚህ ነው ያጣሁት። ሌላ ብሮከር ሞክር።

ዮናስ_ትሬንድ

ዳታ አይደለም ወገኖች። አሩን የትሬንድን ጉልበት ነው የሚለካው። ከ70 በላይ ሲሆን ጠንካራ ነው፣ 92 ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው። ኤፕሪል 16 ላይ ገዢዎች በጉልበት ገቡ ማለት ነው። ዋጋው ላይ ወዲያው ባይታይም ኢንዲኬተሩ ቀድሞ አየው። ከዚያ በኋላ ገበያው ወጣ አይደል? ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?

ሰብለ_ወ

ናቲ፣ ቻርትህ ደህና ነው። የቆጠርከውም ልክ ነው። እንዲያውም በእጅ መቁጠርህን ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ሰው ይህን ስለማያደርግ ነው አሩን የሚያሳስተው።

ዮናስ፣ በአክብሮት፣ ጉልበት አይለካም። አሩን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ባለፉት 25 ቀናት ውስጥ ትልቁ ከፍታ ከታየ ስንት ቀን ሆነው? ለዝቅታውም እንዲሁ። ዋጋው በስንት እንደወጣ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። ቀን ነው የሚቆጥረው። ቱሻር ቻንዴ በ1995 ሲያወጣው ከሳንስክሪት የንጋት ጮራ የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠው አዲስ ትሬንድ ገና ጎህ ሲቀድ ይታይልኛል ብሎ ነው። ስሌቱ በትሬዲንግቪው ላይ ይኸው ነው፦

```
upper = 100 * (ta.highestbars(high, length + 1) + length) / length
lower = 100 * (ta.lowestbars(low, length + 1) + length) / length
```

`highestbars` ትልቁ ከፍታ ከስንት ካንድል በፊት እንደነበር በኔጌቲቭ ቁጥር ይመልሳል። ዛሬ ከሆነ 0፣ ከሁለት ቀን በፊት ከሆነ -2።

አሁን ወደ ኤፕሪል 16 እንምጣ። 25 ስትል አሩን ዛሬንና ከዛሬ በፊት ያሉትን 25 ቀናት ያያል፣ በድምሩ 26 ካንድል። መስኮት ነው በለው። በየቀኑ አንድ ካንድል በቀኝ ይገባል፣ አንድ ካንድል በግራ ይወጣል። ኤፕሪል 15 ላይ በመስኮቱ ግራ ጠርዝ የነበረው ማርች 10 ነው። የማርች 10 ከፍታ 2882.59 ነበር። ከመስኮቱ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ ከታየ ልክ 25 ቀኑ ነው። ስለዚህ 0።

በማግስቱ ማርች 10 ወጣ። አሩን ቀጣዩን ትልቅ ፈለገ። ማርች 11 2825.60 ነው። ኤፕሪል 14 ግን 2851.85፣ ከሱ ይበልጣል። ከታየ ሁለት ቀኑ ነው። 25 ሲቀነስ 2፣ 23 ነው። 23 በ25 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 92።

ስለዚህ በዚያን ቀን በገበያው ውስጥ የተፈጠረ ነገር የለም። የሆነው አንድ የቆየ ቀን ከመስኮቱ መውጣቱ ብቻ ነው።

ናቲ_ሲኤምሲ

ኧረ በእውነት! ደብተሬን መልሼ አየሁት፣ ማርች 10 ላይ ቁጥሩ አለ። አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ ሰብለ።

ግን እንዲህ ከሆነ የትኛውን መቋረጥ ልመን? ሁሉም እንዲህ ነው?

ሰብለ_ወ

ሁሉም አይደለም። ደብተርህን ወደ ኋላ ገልጠህ ፌብሩዋሪ 24ን ተመልከት፣ እዚያ ሌላ ዓይነት መቋረጥ አለ።

ፌብሩዋሪ 19 ገበያው የዚያን ጊዜውን ትልቁን ከፍታ ነክቷል፣ አሩን አፕ 100 ነው። አሩን ዳውን ደግሞ ከጃንዩዋሪ 31 ዝቅታ ጀምሮ በየቀኑ በ4 በ4 እየወረደ ፌብሩዋሪ 21 ላይ 44 ደርሷል። የጃንዩዋሪ 31 ዝቅታ 3214.68 ነበር። ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ፣ ገበያው ወርዶ 3214.65 ነካ። ልዩነቱ 0.03 ነጥብ ነው! አሩን ዳውን ግን ከ44 ተነስቶ በቀጥታ 100። አሩን አፕ በዚያ ቀን 88 ስለነበር ተቋረጡ።

ይኼ እውነተኛ ነው፣ ገበያው ራሱ አዲስ ዝቅታ ሠርቷል። በዚያን ቀን መዝጊያው ከፌብሩዋሪ 19 መዝጊያ በ4.7 በመቶ ገደማ ብቻ ዝቅ ያለ ነበር። ትልቁ መውደቅ ገና ከፊት ነው። ቻንዴ ጎህ ያለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

እና መለያው ቀላል ነው። የአሩን መስመር ከቀን ወደ ቀን መውረድ ብቻ ነው ሥራው። 25 ከሆነ በቀን 4 ነጥብ። ከወጣ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ልክ 100 ላይ ከደረሰ ዛሬ አዲስ ከፍታ ወይም ዝቅታ ተሠርቷል። 92፣ 76፣ 12፣ ማለትም ከ100 ውጪ ሌላ ቁጥር ላይ ከዘለለ ግን አንድ የቆየ ቀን ከመስኮቱ ወጥቷል ማለት ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

እኔ መቋረጥ ሳይ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። የተነሳው መስመር 100 ላይ ነው ያረፈው ወይስ ሌላ ቦታ?

ዮናስ_ትሬንድ

እሺ ተቀብያለሁ፣ ጉልበት ያልኩት ስህተት ነው። 0.03 ነጥብም 100 ይሰጣል፣ ማርች 16 ገበያው ወደ 12 በመቶ ሲወድቅም ያው 100 ነው። ይኼን እንዲህ አስቤው አላውቅም።

ግን ከ70 በላይ የሚለውን አልተውም። አንዱ መስመር ለሳምንት ከ70 በላይ ከቆየ፣ 25 ላይ ከሆነ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ አዲስ ከፍታ እየታየ ነው ማለት ነው። ያ ትሬንድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰብለ_ወ

በዚህ እስማማለሁ። ሌላው መስመር ከ30 በታች ተኝቶ አንደኛው ላይ ከቆየ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ዘልሎ መውረድና ላይ ላይ መሰንበት የተለያዩ ናቸው።

ካሳሁን_ኤ

እኔ የሰብለን መለያ ትንሽ ልነቅፋት። 100 ከሆነ እውነተኛ ነው አልሽ። ኤፕሪል 17ን ተመልከቺ። በዚያ ቀን ከፍታው 2879.22 ነበር፣ አሩን አፕ 100። ግን ማርች 10 ላይ 2882.59 ነበር! ገበያው የማርች 10ን ጣሪያ አልሰበረም። 100 የሆነው ማርች 10 ከመስኮቱ ስለወጣ ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ያንኑ 2879.22 ነክቶ 100 አያገኝም ነበር።

ስለዚህ 100ም ቢሆን ከመስኮቱ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከመስኮቱ በስተግራ ያለውን ጣሪያ በዓይኔ አያለሁ፣ አሩን የረሳውን።

ሰብለ_ወ

ልክ ነህ ካሳሁን፣ አልክድም። በዚያ ጉዳይ ልዩነቱ ከ4 ነጥብ በታች ስለነበር ብዙም አይጎዳም፣ ግን የረሳው ጣሪያ ሩቅ ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። መለያዬ መዝለልን ይለያል እንጂ 100ን ሁሉ አያጸድቅም።

ኪሩ_ኮድ

ጎን ለጎን አንድ ነገር። ሰብለ 26 ካንድል ያለችውን ልብ በሉት። እኔ በፓይተን ራሴ ስጽፈው 25 ካንድል ብቻ ነበር የሰጠሁት። ለወራት የእኔ መስመርና የትሬዲንግቪው መስመር አልገጠመም፣ አበድኩ። መለያው ምን ነበር መሰላችሁ፣ የእኔ መስመር በጭራሽ 0 አይነካም ነበር። 4 ላይ ይቆማል። 25 ካንድል ካለህ ትልቁ ርቀት 24 ነው፣ ስለዚህ 0 ሊመጣ አይችልም። ራሱ የሠራው አሩን ከ4 በታች ካልወረደለት እዚያ ይፈልግ።

ሌላው እኩል ዋጋ ነው። ሁለት ቀን ልክ አንድ ዓይነት ከፍታ ቢኖራቸው የትኛው ይቆጠራል? የናምፓይ `argmax` የመጀመሪያውን፣ ማለትም የቆየውን ይመልሳል። ታ-ሊብ የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ የቅርቡን ይወስዳል። በኤስ ኤንድ ፒ ላይ ይህ ብዙም አይገጥምም። በቀጭን ገበያ ላይ ግን ነገር ይለውጣል።

ሄለን_ቦሌ

ቀጭን ገበያ ስትሉ አስታወሳችሁኝ። በእኛው በኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ አሩን ይሠራል? የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ ገበያው በ2025 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው።

ኪሩ_ኮድ

ሄለን፣ ለአሁኑ አልመክርሽም። ምክንያቱ ያው እኩል ዋጋ ነው። አንድ አክሲዮን ለቀናት በአንድ ዋጋ ከቆየ ወይም ጭራሽ ግብይት ከሌለው ከፍታውም ዝቅታውም ያው ነው። መስኮቱ ሙሉ እንዲህ ከሆነ፣ የቅርቡን በሚቆጥር ፕሮግራም አሩን አፕም ዳውንም 100 ይሆናሉ። የቆየውን በሚቆጥረው ሁለቱም 0። ያው ዳታ፣ ተቃራኒ ሥዕል። በየቀኑ በቂ ገዥና ሻጭ ሲኖር ነው ቀን መቁጠር ትርጉም የሚኖረው።

ቡና_ላኪ

እኔ ትሬደር አይደለሁም ልጆች፣ ቡና ነው የምልከው። ግን የኒው ዮርክን የቡና ዋጋ በየቀኑ ነው የማየው፣ የእኛ ውል በእሱ ላይ በመደመርና በመቀነስ ስለሆነ የሚቆረጠው። ልጄ ስልኬ ላይ አሩንን አደረገልኝ። አንድ ቀን አሩን ዳውን 100 ሆኖ አየሁ። ደነገጥኩና ለገዢዬ ደውዬ ዋጋ ለመቁረጥ ተቻኮልኩ። ገዢው ዛሬ ገበያው ምንም አልሆነም አለኝ። እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይኼም ከመስኮት መውጣት ነው?

ካሳሁን_ኤ

ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ይመስለኛል። የኒው ዮርክ ቡና በወር በወር ነው የሚሸጠው፦ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር። ስልክዎ ላይ ያለው ቻርት እነዚህን ወራት ቀጥሎ አንድ መስመር ያደረገ ነው። የአንዱ ወር ጊዜ ሲያልቅ ቻርቱ ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራል። ቀጣዩ ወር ከቀደመው ከረከሰ፣ በቻርቱ ላይ ዋጋው ዱብ ያለ ይመስላል። ማንም ሳይሸጥ አዲስ ዝቅታ ተፈጠረ፣ አሩን ዳውን 100።

የድንጋጤዎን ቀን ያስታውሱ እንደሆነ ይዩት። ከእነዚህ ወራት በአንዱ መዳረሻ ላይ ከነበረ ይኼው ነው።

ቡና_ላኪ

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነበር። የማርች ውል ወደ ሜይ ሲሻገር ማለት ነው!

ካሳሁን_ኤ

እንግዲያው እሱ ነው ጋሼ። ልጅዎን የአንዱን ወር ቻርት ለብቻው እንዲከፍትልዎ ይንገሩት፣ ገዢዎ በሚቆርጥበት ወር። ወይም መሻገሪያው የተስተካከለበትን ቻርት። አሩን እዚያ ላይ ሲሆን ቢያንስ የሚያየው አንድ ዕቃ ነው።

ሰብለ_ወ

ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የእኔ መለያ አይጠቅምም። መስመሩ ልክ 100 ላይ ነው ያረፈው፣ ግን ውሸት ነው።

አቤል፣ አንተንም አልረሳሁህም። ባጣኸው ገንዘብ አዝኛለሁ። ብሮከርህ ላይ ከመፍረድህ በፊት ግን ይህን አስብ። በ5 ደቂቃ ቻርት 14 ማለት 70 ደቂቃ ነው። አሩንህ የሚያውቀው ያለፈውን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ለሱ የለም። ወርቅ በጠባብ ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል በየ70 ደቂቃው የሆነ ከፍታ ከመስኮቱ ይወጣል፣ መስመሩ ይዘልላል፣ ትገዛለህ። ከተቋረጡት ውስጥ ስንቱ 100 ላይ እንዳረፈ መልሰህ ብትቆጥር ራስህ ታየዋለህ።

ሁለቱም መስመሮች ጎን ለጎን እየወረዱ ከ50 በታች ከገቡ ደግሞ አዲስ ከፍታም አዲስ ዝቅታም የለም ማለት ነው። ገበያው ቆሟል። እኔ በዚያ ሰዓት እጄን አጣጥፌ ነው የምቀመጠው።

አቤል_ዱባይ

እሺ እህቴ። ትናንት ማታ ያለውን ቆጠርኩ። አምስት ጊዜ ተቋርጧል። 100 ላይ ያረፈው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ነው ብቻውን ያተረፈኝ። አንድ ቀን ስለሆነ ምንም አላልኩም፣ የወሩን ሁሉ እቆጥራለሁ።

ናቲ_ሲኤምሲ

እኔም ወደ ቤት ሥራዬ ተመለስኩ። ያንኑ ቻርት በአሩን 14 ሠራሁት፣ ትሬዲንግቪው ሲከፈት የሚሰጠው ቁጥር እሱ ስለሆነ።

በ14 መቋረጡ ኤፕሪል 3 ላይ ነው። ኤፕሪል 2 አሩን አፕ 0፣ ምክንያቱም የማርች 13 ከፍታ 2711.33 ጠርዝ ላይ ነበር። በማግስቱ እሱ ወጣ፣ ቀጣዩ ትልቅ የማርች 31 2641.39 ሆነ። ሦስት ቀን፣ ስለዚህ 79 ገደማ። አሩን ዳውን 36 ገደማ። ተቋረጡ። ያውም ገበያው በዚያ ቀን 1.5 በመቶ ወርዶ ነው የዘጋው! እንደ ሰብለ መለያ የማይታመን መቋረጥ ነው።

ግን ችግር አለ። በሚቀጥለው የግብይት ቀን፣ ኤፕሪል 6፣ ገበያው 7 በመቶ ወጣ። አሩን አፕም ያን ጊዜ እውነተኛ 100 ሆነ። 100ን የጠበቀ ሰው ያን 7 በመቶ አመለጠው። በመስኮት መውጣት የገዛ ሰው አገኘው።

በ25 ደግሞ መቋረጡ ሲመጣ ገበያው ከማርች 23 መዝጊያ 25 በመቶ ወጥቶ ነበር። 25 በመቶ! ጎህ ሳይሆን ረፋድ ላይ ነው የነቃነው።

ዮናስ_ትሬንድ

ይኸው! እኔስ ምን አልኩ። የ14ቱ ሠራ።

ሰብለ_ወ

ዮናስ፣ ኤፕሪል 3 ላይ አሩን ስለ ኤፕሪል 6 የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የማርች 13 ካንድል በዚያን ቀን የወጣው 15 ካንድል ስለቆጠርን ነው። አሩኑን ከ14 ወደ 15 ብንቀይረው በሌላ ቀን ይወጣ ነበር።

ናቲ ያለው መዘግየት ግን እውነት ነው፣ መልስም የለኝም። ከትልቅ መውደቅ በኋላ ገበያው በፍጥነት ሲነሳ፣ የመውደቁ ጊዜ ከፍታዎች መስኮቱን ይይዙታል። ዋጋው ወደ እነሱ እስኪደርስ ወይም እነሱ በግራ በኩል እስኪወጡ አሩን አፕ መተኛቱ አይቀርም። ቁጥሩን ብታሳንስ ቶሎ ይወጣሉ፣ ግን እንደ አቤል ምሽት ይሆንብሃል። ብታበዛ ትጠብቃለህ። በፌብሩዋሪ ቶሎ የነቃው ጃንዩዋሪ 31 ቅርብ ስለነበር ነው፣ ዝቅታው ከዋጋው ብዙ አልራቀም ነበር። በማርች ጣሪያው ሩቅ ነበር። ቀስ ብሎ በሚዞር ገበያ ላይ አምነዋለሁ፣ እንዲህ ባለ ሹል ታች ላይ ግን አሩንን ብቻ ይዤ አልገባም።

ካሳሁን_ኤ

እኔ እንዲህ ባለው ጊዜ አሩን ዳውንን ብቻ ነው የማየው። ማርች 23 ላይ 100 ነበር፣ ከዚያ በየቀኑ 4፣ 4፣ 4 ምንም ሳይዘልል ወረደ። ኤፕሪል 3 ላይ 64፣ ኤፕሪል 9 ላይ 48። አፕ ምንም ባይልም ዳውን አዲስ ዝቅታ የለም እያለ ነው። ከ50 በታች ሲገባ የሸጥኩትን እዘጋለሁ። ለመግዛት ሌላ ነገር እጠብቃለሁ።

ሰብለ_ወ

ለመውጣት ጥሩ ነው። ለመግባትስ ምን ትጠብቃለህ?

ካሳሁን_ኤ

እሱ ላይ ገና ነኝ። በ2018 ዲሴምበር ታች ላይ ሞክሬው በደንብ አልሠራልኝም። ቁጥሮቹን ደርድሬ ልመለስ።

ናቲ_ሲኤምሲ

እጠብቃለሁ ጋሽ ካሳሁን። እኔም የ2018ቱን በደብተር እጀምራለሁ፣ ከዲሴምበር 26 ዝቅታ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ የትኛው ቀን እንዳለ በየቀኑ ጎን ለጎን እጽፈዋለሁ።